«ገባኝ» ብላ የወጣችው ተማሪ

የቢሮ ሰዓቴ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዝር የሚል የለም። ፈተና ሲቃረብ ግን ኮሪደሩ ላይ ሰልፍ ይያዛል። ያኔ አንድ ተማሪ አሥራ አምስት ደቂቃ ካገኘ ዕድለኛ ነው።

አንድ ሐሙስ የካልኩለስ ተማሪዬ ደብተሯን አቅፋ ገባች።

«ፕሮፌሰር፣ ኢንቴግራል ላይ በ u መተካት የሚባለው ነገር አልገባኝም።»

«የቱ ጋ ነው ያስቸገረሽ?»

«ሁሉም።»

ለ«ሁሉም» ያለኝ መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ክፍል ውስጥ ያልኩትን መድገም። ሰሌዳው ላይ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በተለይ u እንዴት እንደሚመረጥ አስረዘምኩት። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እኔ እፈጥናለሁ። በመጨረሻ «ገባኝ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ተነሳች። እንዳልገባት ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ማክሰኞ ስትመጪ ሞክረሽ ያልመጣልሽን አንድ ጥያቄ ይዘሽ ነይ። የተሳሳትሽውን እንዳትሰርዢው።»

ማክሰኞ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ሥራዋ ይኸው፦

```
∫ (0 → 2) x·e^(x²) dx
u = x²,  du = 2x dx
½ ∫ (0 → 2) e^u du
= (e² − 1)/2 ≈ 3.19
```

ከሥሩ በእጇ እንዲህ ጽፋለች፦ «እስከ ሁለተኛው መስመር እርግጠኛ ነኝ። መጽሐፉ 26.8 ይላል፣ የእኔ ግን 3.19 ነው። የተበላሸው ሦስተኛው መስመር ላይ ይመስለኛል።»

ችግሩን ለማየት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። መልሱን ግን አልነገርኳትም። ጣቴን ሦስተኛው መስመር ላይ አድርጌ «ይህ 2 የማን ነው?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «የ x» አለች። «አሃ! x 2 ሲሆን u 4 ነው!» ወሰኑን ራሷ ቀየረችው። (e⁴ − 1)/2፣ ማለትም 26.8 ገደማ መጣላት። ባለፈው ሐሙስ ያን ሁሉ ስለፈልፍ ስለ ወሰኑ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። u መምረጥማ ድሮም ታውቀው ነበር።

ሌሎች ሁለት ጥያቄዎችም ነበሯት። አንዱን በሁለት ደቂቃ ጨረስነው። ሌላውን ጮክ ብላ ስታነበው መልሱ እዚያው መጣላትና ሰረዘችው። ስትወጣ እኔ ደግሞ አንድ ምክር ጣል አደረግኩ፦ «ወሰኑን ከቀየርሽ አለቀ፣ ወደ x መመለስ የለብሽም።»

ያቺ «አለቀ» የምትል ቃል ናት በኋላ ያስያዘችኝ።

ሐሙስ ማታ ኢሜይል ደረሰኝ። ከቢሮ ሰዓት በኋላ የሚመጣ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ምስጋና ብቻ ነው። ደስ ይላል፣ ግን ተማሪው የነገርኩትን ይሞክረው አይሞክረው አላውቅም። እሷ ሞክራዋለች። «የነገሩኝን ራሴ በፈጠርኩት ጥያቄ ላይ ሠራሁበት» ትላለች።

```
∫ (−1 → 1) x² dx,  u = x²
x = −1  →  u = 1
x =  1  →  u = 1
```

«ሁለቱም ወሰን 1 ስለሆነ መልሱ 0 ይመጣል። ሳልተካ በቀጥታ ስሠራው ግን 2/3 ነው። x² ደግሞ ከዜሮ በታች ስለማይወርድ 0 ሊሆን አይችልም። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። አነጋገሬ እንጂ እሷ ብዙም አልተሳሳተችም። እዚህ ጥያቄ ላይ x የሚባለውን ራሱን በ u መጻፍ ግድ ነው። x = √u የሚባለው ግን ከ 0 እስከ 1 ብቻ ነው የሚሠራው። ከ −1 እስከ 0 ድረስ x = −√u ነው። አንድ ቀመር ሁለቱንም ወገን አያስተዳድርም። ስለዚህ 0 ላይ መክፈል ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ግማሽ 1/3 ይሰጣል፣ ሲደመር 2/3 ይሆናል። በመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ያልታየው x dx እንዳለ ወደ ½ du ስለተቀየረ ነው። ሥር ማውጣት አላስፈለገንም።

ይህን ጽፌ ላክሁላት፤ «አለቀ» ማለቴም ስህተት እንደነበር ጨመርኩበት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ትምህርቱን የጀመርኩት በእሷ ጥያቄ ነው፣ የማን እንደሆነ ሳልናገር። መልሱ 0 ነው ወይስ 2/3 ብዬ እጅ አስወጣሁ። ለ 0 የወጣው እጅ ቀላል አልነበረም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ በሩ ተንኳኳ። ግማሽ ገጽ ይዛለች። የመጀመሪያው መስመር «በላኩልኝ መልስ ላይ አንድ ያልተስማማሁበት ነገር አለ» ይላል። እርሳሴን አነሳሁ።