የአርባው ቀን ደብተሬ፦ እስከ ደብረ ዘይት

ዛሬ ደብረ ዘይት፣ እኩለ ጾም ነው። በዚህ ዐቢይ ጾም የያዝኩት ደብተር ሃያ አንደኛው ገጽ ላይ ደርሷል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በየቀኑ አጭር ንባብ፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መስመር ጸሎት። ቀላል ያልሆነው አርባውን ቀን ከየት መቁጠር እንደሚጀመር ነበር።

አምና ጾሙ በገባ ሰኞ «ቀን 1» ብዬ ጀመርኩ። አርባኛው ገጽ ሲሞላ ገና የገብርኄር ሳምንት ዓርብ ነበር፤ ጾሙ ሊፈታ 15 ቀን ይቀረዋል። ያን ጊዜ ነው ቁጥሩን የተረዳሁት። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ጾመ ሕርቃል ናቸው፤ ጌታ የጾመው አርባ ቀን ከቅድስት እሑድ ማግስት ሰኞ ይጀምርና ከሆሣዕና በፊት ባለው ዓርብ ይፈጸማል፤ የቀሩት 8 ቀናት ከሰሙነ ሕማማት ጋር ይቆጠራሉ። ዘንድሮ የመጀመሪያውን ሳምንት ደብተር ለማስመርና ንባብ ለመከፋፈል ተጠቀምኩበት።

ሁለተኛው የአምና ጥፋቴ የማቴዎስን ወንጌል ከመጀመሪያው እየቆረስኩ ማንበቤ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለ መጻጉዕ ስትዘምር እኔ ስለ ሌላ ነገር አነባለሁ፤ እሑድ የሰማሁት ሰኞ ከእኔ ጋር የለም። አሁን የእሑዱን ወንጌል ለስድስት ቀን እከፍለዋለሁ።

የመጻጉዕን ሳምንት ልንገራችሁ። እሑድ የዮሐንስ ወንጌል 5፥1-24 ሙሉውን ተነበበ። ሰኞ ከ1 እስከ 4፣ መጠመቂያይቱና አምስቱ መመላለሻ ብቻ። ማክሰኞ ከ5 እስከ 7፣ 38 ዓመት የተኛው ሰው። ረቡዕ 8 እና 9፣ ሐሙስ ከ10 እስከ 13፣ ዓርብ ከ14 እስከ 16፣ የቀረው ለቅዳሜ። የቅዳሜው ከባድ ሆነብኝ፤ ትምህርቱ ጥልቅ ነው፣ እኔ ደግሞ በችኮላ አንብቤው ነበር። ለከርሞ ለሁለት ቀን እከፍለዋለሁ።

ለማክሰኞ መጀመሪያ የጻፍኩት ጥያቄ «ብቸኝነት ተሰምቶህ ያውቃል?» የሚል ነበር። አብረውኝ የሚያነቡት ጓደኞቼ ሁሉ «አዎ» ብለው ደብተራቸውን ዘጉ። ጥፋቱ የጥያቄው ነው፤ በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ሰውን አያስቀምጥም። መጻጉዕ «ልትድን ትወዳለህን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ሰው የለኝም» ነበር። ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጥኩት፦ «በዚህ ወር ልትጠይቀው አስበህ ያልሄድክበት በሽተኛ ማን ነው? ለራስህስ ምን ብለህ አመካኘህ?» እኔ ራሴ ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከግቢያችን ጀርባ ወገባቸውን ታመው የተኙ እናት አሉ፤ ምክንያቴ «ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ» የሚል ነበር። ሐሙስ ማታ ባዶ እጄን ሄድኩ። ብርቱካን አላመጣህም ያለኝ የለም።

ለጸሎቱ ብዙ ቃል አልፈልግም። የየእሑዱን ምስባክ እወስዳለሁ። የመጻጉዕ «እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዐራተ ሕማሙ» ነው፤ እግዚአብሔር በሕመሙ አልጋ ላይ ሳለ ይረዳዋል ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ መስመር እደግመዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ የአንድ በሽተኛ የክርስትና ስም እጨምራለሁ። ረቡዕ «ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» የሚለውን ሳነብ ምስባኩ ውስጥ ያለው ዐራትና ወንጌሉ ውስጥ ያለው አልጋ አንድ መሆናቸው ታየኝ። ይህን ሦስት ቀን ስደግመው አላስተዋልኩትም ነበር።

ሰዓቱንም ቀይሬዋለሁ። መጀመሪያ ከ9 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብዬ፣ ልፈታ ስል አነብ ነበር፤ ዓይኔ መጽሐፉ ላይ፣ ልቤ ሽሮው ላይ። አሁን ጠዋት ከቤት ሳልወጣ አነባለሁ፣ ጥያቄውን በብጣሽ ወረቀት ይዤ እውላለሁ፣ መልሱን ማታ እጽፋለሁ። ከማለዳው መልስ የማታው ይረዝማል፤ አንዳንዴም ይቃረናል።

በምኩራብ ሳምንት ሥራ በዝቶ አራት ገጽ ባዶ ቀርቷል። አምና ቢሆን ቅዳሜ ተቀምጬ አራቱንም እሞላቸው ነበር፤ ያ ግን የቤት ሥራ ማካካስ እንጂ ማንበብ አይደለም። ባዶዎቹን እንዳሉ ትቼ የዕለቱን ንባብ ቀጠልኩ።

ያስቸገረኝ የዚህ ሳምንት ክፍፍል ነው። ማቴዎስ 24 ከ1 እስከ 36 ለስድስት ቀን ይበዛል። ለነገ ከ1 እስከ 3 ብቻ ወስጃለሁ፤ ደቀ መዛሙርቱ የመቅደሱን ግንብ ሲያሳዩት። ጥያቄው፦ «አይፈርስም ብለህ የተደገፍከው ምንድን ነው?» ከ15 እስከ 28 ያለውን ግን እንዴት እንደምቆርሰው እስካሁን አልወሰንኩም። በአንድ ቀን ያነበባችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።