አሥር በየዓይነቱ፣ አንድ ክትፎ

በምሠራበት የሰፈር ምግብ ቤት የደንበኝነት ካርድ የተጀመረው ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ነበር። ሐሳቡን ያመጣው የባለቤቷ የእህት ልጅ ሲሆን፣ ወጪው አንድ ማኅተምና ጥቂት ወፍራም ወረቀት ብቻ መሆኑን ደጋግሞ ነግሮናል። በካርዱ ላይ «10 ምሳ ለበላ 11ኛው በነፃ» ተብሎ ታትሟል፤ ሌላ ቃል የለበትም።

በጾሙ የምንሸጠው በአብዛኛው በየዓይነቱ ነው። ዋጋው 150 ብር ሲሆን፣ እንጀራውና ወጡ እኛን 60 ብር ገደማ ያስወጣናል። ስለዚህ 1500 ብር ከፍሎ ካርዱን የሞላ ሰው 11ኛውንም በየዓይነቱ ቢበላ፣ ስጦታው ከከፈለው 4 በመቶ ብቻ ይሆናል። ልጁ ለአክስቱ ያሳየው ስሌት ይህ ነበር፤ ስሌቱም ትክክል ነው። ያላሰበው ነገር፣ ሁዳዴው ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ካርዱ የሞላለት ደንበኛ እንደማይቸኩል ነው።

ፋሲካ አልፎ በመጀመሪያው ረቡዕ (በበዓለ ሃምሳ ረቡዕም እንደማይጾም ልብ ይሏል)፣ ፊት ለፊት ካለው መሥሪያ ቤት ዘወትር የሚመጡ አንድ ትልቅ ሰው ካርዳቸውን ከፊቴ አኖሩና ለብ ለብ ክትፎ አዘዙ።

«ጋሼ፣ ማኅተሞቹ እኮ የበየዓይነቱ ናቸው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ካርዱን ከፊትም ከኋላም አነበቡት። «ምሳ ነው የሚለው። ክትፎ በእናንተ ቤት ቁርስ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ክትፎው 600 ብር ይሸጣል፤ ሥጋውና ቅቤው ብቻ 400 ብር ይወጣበታል። 4 በመቶ የተባለው ስጦታ ወደ 27 በመቶ ተጠጋ ማለት ነው፤ ያውም ካርድ ባይኖርም በየቀኑ መንገድ ተሻግረው ለሚመጡ ሰው። በዚያው ሳምንት የሞላ ካርድ ይዞ የመጣ ሁሉ ክትፎ አዘዘ። ልጁ ግን ብዙ ካርድ መመለሱን የስኬት ምልክት አድርጎ ለአክስቱ አቀረበ።

የወጡትን ካርዶች እንዳሉ አከበርን፤ በአዲሱ ላይ ግን ነፃው ምሳ ከተከፈለው ምሳ ዋጋ እንዳይበልጥ አጻፍን፤ ማኅተሙንም ከአስተናጋጆቹ ወስጄ ደረሰኝ እያየሁ እመታ ጀመር። ጋሼ አዲሱን ካርድ እንደ ልማዳቸው አንብበው፣ «ልዩነቱን ብጨምርስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከ600 ላይ 150 ተቀንሶላቸው 450 ብር ቢከፍሉ ክትፎው የገባበትን ወጪ ይሸፍናል፤ ያለ ካርድ የማይታዘዝ ክትፎም ይታዘዛል። ባለቤቷ ወዲያው ተስማሙ። በሦስተኛው እትም ይህ በግልጽ ተጽፏል፤ ልጁም ሐሳቡ የራሱ እንደሆነ ለሚጠይቀው ሁሉ ያስረዳል።