የስጦታ ዕጣ ስታወጡ «የራስህ ከደረሰህ መልሰህ ሌላ አንሳ» አትበሉ

የስጦታ ልውውጥ ዕጣ ልታወጡ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሁሉም የሚያውቀው ሕግ ትክክል አይደለም። «የራስህ ስም ከደረሰህ ወረቀቱን መልሰህ ሌላ አንሳ» የሚለውን ማለቴ ነው። ሲሰሙት ቀላል ነው። ሲሠራበት ግን ሁለት ጉዳት አለው። አንዳንዴ የመጨረሻው ሰው የራሱን ስም ይዞ ይቀራል። በሰላም ሲያልቅ ደግሞ ዕጣው ያደላል። የመጀመሪያውን ጉዳት ሁሉም ያየዋል። ሁለተኛውን ማንም ልብ አይለውም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ እሱ ነው።

ስለ ዝግጅቱ ብዙ የምለው የለም። የሥራ ባልደረቦች ነን። የስጦታውን ዋጋ ጣሪያ ተስማማን። ስማችንን እኩል በተቆረጠ ወረቀት ጻፍን፣ አጥፈን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨመርን። እስከዚህ ሰላም ነበር።

ማውጣቱ ላይ ነው ነገር የመጣው። አስተባባሪው የታተመ መመሪያ ይዞ ነበር። የራሱ የደረሰው ይመልስና ሌላ ያውጣ ይላል። እኔ «አንድ ሰው የራሱ ከደረሰው ሁላችንም መልሰን ከመጀመሪያው እንጀምር» አልኩ። «እንደዛ ከሆነማ እዚሁ ማደራችን ነው» አለኝ። ሰው ሳቀ፣ ሳህኑም ዞረ። መሀል ላይ የራሳቸው የደረሳቸው ነበሩ፤ መለሱና ሌላ አነሱ። በመጨረሻ አንዲት ልጅና አንድ ወረቀት ቀሩ። ወረቀቱ የራሷ ስም ነበር። ሳህኑ ውስጥ ሌላ ወረቀት ስለሌለ መመሪያው ለዚህ መልስ የለውም።

አስተባባሪው አልተጨነቀም። «ከጎንሽ ካለው ጋር ተቀያየሪ» አላት። ተቀያየሩ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ። እስቲ የሆነውን እንየው። ከጎኗ ያለው ልጅ አሁን የያዘው የእሷን ስም ነው። ስለዚህ ስጦታዋን ማን እንደሚገዛላት አወቀች። እሱ ደግሞ ቀድሞ የደረሰው ሰው ስጦታ ከእሷ እንደሚመጣ አወቀ። በአንድ ቅይይር ሁለት ምስጢር ወጣ። የዕጣው ግማሽ ደስታ ማን እንደሚሰጠኝ አለማወቄ አይደለም እንዴ? ይህን ስናገር «ለስጦታ ይህን ያህል ክርክር!» ተባልኩ። ክርክሩ ስለ ስጦታው አልነበረም። ዕጣ ካልን ዕጣ ይሁን ነው ያልኩት።

እቤት ገብቼ በወረቀት ላይ ሠራሁት። ሦስት ሰው ይበቃል። ሀ፣ ለ እና መ እንበላቸው፤ በዚሁ ተራ ያወጣሉ። ማንም የራሱን እንዳይዝ ከተፈለገ ያሉት ውጤቶች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ሀ ለለ፣ ለ ለመ፣ መ ለሀ ሲሰጡ ነው። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ ሀ ለመ፣ መ ለለ፣ ለ ለሀ ይሰጣሉ። ፍትሐዊ ዕጣ ለሁለቱም እኩል፣ ግማሽ በግማሽ ዕድል መስጠት አለበት።

አሁን በመመሪያው እንሂድ። ሀ የራሱን እየመለሰ ከለ እና ከመ አንዱን ያወጣል፤ ግማሽ በግማሽ። መን አወጣ እንበል። ሳህኑ ውስጥ ሀ እና ለ ቀርተዋል። ለ የራሱን ስለሚመልስ ሀን መያዙ የግድ ነው። መ ለን ያገኛል። ስለዚህ ይህ ውጤት 1/2 ዕድል አለው። ሀ ለን አወጣ እንበል። ሳህኑ ውስጥ ሀ እና መ አሉ። ለ ሁለቱንም መያዝ ይችላል። መን ከያዘ ሁሉም ሰላም ነው፤ ዕድሉ 1/4። ሀን ከያዘ ግን መ የራሱን ስም ይዞ ይቀራል፤ ይህም 1/4። ከአራት ጊዜ አንዴ ዕጣው ይበላሻል ማለት ነው።

«እሺ፣ መጨረሻ ላይ ሲበላሽ ብቻ ሁሉንም እንመልስ» የሚል አለ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይረካል። እኔም ይህን ነው አጥብቄ የምቃወመው። የተበላሸውን አውጥታችሁ ስትጥሉ የሚቀሩት 1/2 እና 1/4 ናቸው። አንዱ የሌላው እጥፍ ነው። ሀ ለመ የመስጠቱ ዕድል 2/3፣ ለለ የመስጠቱ 1/3 ይሆናል። ማንም አላጭበረበረም፤ ወረቀቱም በደንብ ተበውዟል። ያደላው ራሱ ሕጉ ነው። ምክንያቱም የሚበላሸው የመጨረሻው ሰው ስም ሳህኑ ውስጥ ሲቆይ ነው። ስሙ ቀደም ብሎ የወጣባቸው ዕጣዎች ይተርፋሉ፣ የቆየባቸው ይጣላሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚያወጣ ሰው መጨረሻ ላይ ለተቀመጠው የመስጠት ዕድሉ ይጨምራል። ይህን ያወቀ ሰው ቦታውን መርጦ ሊቀመጥ ይችላል።

ሰው ሲበዛ ይስተካከላል ብዬ አራት ሰው ላይም ሞከርኩ። ትክክለኛ ውጤቶቹ 9 ናቸው። በመመሪያው መንገድ ከእነዚህ አንዱ ከሌላው በሦስት እጥፍ ይበልጣል። መንገዱን ሁሉ ዘርዝራችሁ ብትደምሩ ታገኙታላችሁ። አልተስተካከለም።

ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው። ወረቀቶቹን በደንብ በውዙ። ሁሉም አንድ አንድ ይውሰድ፣ ማንም አይክፈት። የመጨረሻው ወረቀት ከሳህኑ ሲወጣ ሁሉም በአንዴ ይክፈት። የራሱ የደረሰው አንድ ሰው እንኳ ካለ «አለ» ይበል። ያኔ ወረቀት ሁሉ ይመለሳል። «እኔ እኮ ጥሩ ሰው ደርሶኛል» የሚለውም ይመልሳል። እንደገና ይበወዛል። ማንም የራሱን ያልያዘበት ዙር ሲመጣ ያ ነው ዕጣው።

ይህ ለምን ፍትሐዊ ሆነ? በደንብ የተበወዘ ሳህን ለሁሉም አደራደር እኩል ዕድል ይሰጣል። ሦስት ሰው ላይ አደራደሮቹ 6 ናቸው። አራቱ ላይ ቢያንስ አንድ ሰው የራሱን ይይዛል፤ እነሱን እንጥላለን። የቀሩትን ሁለቱን አልነካናቸውም። እኩል ነበሩ፣ እኩል እንደሆኑ ቀሩ። መመሪያው ያበላሸው ይህን ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲመልስ የቀረው አደራደር ክብደት ይለወጣል።

አሁን ወደ «እዚሁ ማደራችን ነው» እንመለስ። ሒሳቡ ይህን ስጋት ቁልጭ አድርጎ ይመልሰዋል። ማንም የራሱን ያልያዘበት አደራደር ዲሬንጅመንት ይባላል። ለ5 ሰው ከ120 አደራደር 44ቱ እንዲህ ናቸው። ለ8 ሰው ከ40,320 ውስጥ 14,833ቱ። ሁለቱም 37 በመቶ ገደማ ናቸው። ሰው በበዛ ቁጥር ይህ ዕድል ወደ 36.8 በመቶ ይጠጋና እዚያው ይቆማል። ሰው ሲበዛ የራሱን የሚይዝ የሚበዛ ይመስላል። ግን ስምንት ሰው ካለ እያንዳንዱ የራሱን የመያዝ ዕድሉ 1/8 ነው። መቶ ካለ 1/100። ብትደምሩት የራሱን የሚይዝ ሰው በአማካይ ሁልጊዜ አንድ ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ፒየር ሬሞን ደ ሞንሞር ይህን ጥያቄ በካርታ ጨዋታ መልክ ያነሳው በፈረንጆቹ 1708 ነው። አዲስ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከሦስት ሰው በላይ ከሆናችሁ በአማካይ ከሦስት ዙር በታች ይበቃል። ዐሥር ዙር በተከታታይ የመበላሸቱ ዕድል ከመቶ አንድ ገደማ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ማስተባበሩን እኔ ወሰድኩና እንዲህ አደረግን። ቡናው ሳይቀዘቅዝ ጨረስን። ኮርቼበታለሁ፣ አልደብቅም።

አንድ ድክመት አለው። የራሱ ደርሶት ዝም የሚል ሰው ይኖራል። «ለራሴ የምፈልገውን ገዝቼ ልገላገል» ብሎ ያስባል። ስለዚህ በልውውጡ የሌለ ሰው ፈልጉና ሁሉም ወረቀቱን ለእሱ ብቻ ያሳይ። ምስጢሩን ያውቃል፣ ግን ስጦታ የለውም፣ ምንም አይጎዳም። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ፣ ወይም ሰዎቹ አንድ ቦታ ካልተሰበሰቡ፣ ኮምፒውተር ያንኑ ሥራ ይሠራል፦

```python
import random

def draw(names):
    got = names[:]
    while True:
        random.shuffle(got)
        if all(a != b for a, b in zip(names, got)):
            return dict(zip(names, got))
```

ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ካሉ የአባት ስም ጨምሩ። አለዚያ ይህ ኮድ አንዱን ከዝርዝሩ ያጠፋዋል።

ሌላም መንገድ ይመክሯችኋል፤ ስሞቹን በዘፈቀደ በክብ ደርድሮ እያንዳንዱ ለቀጣዩ እንዲሰጥ ማድረግ። ይህ አይበላሽም፣ መድገምም የለበትም፣ እያንዳንዱ ሰው ለሌላው ለየትኛውም የመስጠት ዕድሉ እኩል ነው። መጥፎ አይደለም። ግን ሁለት ሰዎች እርስ በርስ የሚሰጣጡበት ዕጣ በጭራሽ አይወጣም። ለ6 ሰው ከ265 ትክክለኛ ውጤቶች 120ው ብቻ ይቀራሉ። እኔ የምሰጠው ሰው ለእኔ እንደማይሰጠኝም በእርግጠኝነት አውቃለሁ። ከሦስት ሰው በላይ ስንሆን እኔ አልመርጠውም።

በመጨረሻ፣ «ባልና ሚስት እርስ በርስ እንዳይደርሱ» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። መንገዱ ያው ነው፤ እነሱ እርስ በርስ ሲደርሱም ሁሉም ወረቀት ይመለሳል። ብቻ ከመጀመራችሁ በፊት የሚቻል መሆኑን ቁጠሩ። ሦስት ሰው ካላችሁና ሁለቱ ባልና ሚስት ከሆኑ፣ ሁለቱም ለሦስተኛው ብቻ ነው መስጠት የሚችሉት፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ብትበውዙም አይወጣም። አራት ሰው ሁለት ጥንድ ከሆናችሁ ከ24 አደራደር የሚሠሩት 4 ናቸው፤ በአማካይ ስድስት ዙር ይፈጃል። እዚያ ላይ ደግሞ ሁሉም ስጦታው ከሌላኛው ጥንድ እንደሚመጣ ያውቃል። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ቡድን ክልከላውን ብትተዉት ይሻላል እላለሁ።