ኤርፖርት ስንት ሰዓት ቀድመን እንድረስ?

ዛሬ ማታ ከእማዬና ከወንድሜ ጋር የተከራከርነው በዚህ ብቻ ነው። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሀገር ልትወጣ ነው፣ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ፣ እሷ አምስት ሰዓት ቀድመን ካልደረስን አይሆንም ትላለች፣ ወንድሜ ደግሞ ሁሌ የሀገር ውስጥ በረራ ስለሚሄድ ሰዓት ተኩል ይበቃል ባይ ነው። እኔ መሀል ላይ ሆኜ ወረቀት አውጥቼ መቁጠር ጀመርኩ። እዚህም የምጽፈው ለራሴ እንዲቀመጥ ነው፣ ምክንያቱም አምና በዚሁ ጉዳይ በረራ አምልጦኛል፣ ያኔ የተማርኩትን ደግሞ ሳልጽፈው ቀርቼ ግማሹን ረስቼው ነበር።

የአምናው የሀገር ውስጥ በረራ ነበር፣ መነሻው ጠዋት 1 ሰዓት። አንድ ሰዓት ቀድሜ 12 ሰዓት ላይ ብደርስ ይበቃኛል ብዬ ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ትንሽ ተያዝኩ፣ በሩ ላይ ያለው ፍተሻም ሰልፍ ነበረው፣ ትልቁን ሻንጣዬን እየጎተትኩ ካውንተሩ ጋ ስደርስ 12፡20 ሆኗል። ልጅቷ ስክሪኗን አይታ "ተዘግቷል" አለችኝ። እንዴት ይዘጋል፣ ገና አርባ ደቂቃ አለ እኮ! ቼክ-ኢን የሚዘጋው 45 ደቂቃ ሲቀረው ነበር፣ ማለትም 12፡15 ላይ፣ እኔ የዘገየሁት አምስት ደቂቃ ነው። በመስታወቱ አውሮፕላኑ ይታየኛል፣ ቆሟል፣ ሰው ገና አልገባም፣ እኔ ግን መግባት አልችልም። በጣም ነው የከፋኝ፣ ልጅቷንም ተቆጥቻታለሁ፣ አሁን ሳስበው እሷ ምንም ማድረግ አትችልም ነበር።

ለምን እንደሚዘጋ ያስረዱኝ አንድ በሥራው ብዙ ዓመት የቆዩ ሰውዬ ናቸው፣ እዚያው ቁጭ ብዬ ሲያዩኝ አዝነውልኝ መሰለኝ። ቼክ-ኢን ሲዘጋ የሰውና የሻንጣ ቁጥር ይቆለፋል፣ ከዚያ ሻንጣው በማሽን ተፈትሾ፣ ተለይቶ፣ በጋሪ ሄዶ ይጫናል፣ የተጫነው ክብደት ስንት እንደሆነና የት የት እንደተቀመጠ የሚያሳይ ወረቀትም ተሠርቶ ለአብራሪው ይደርሳል። ያ ወረቀት ካልደረሰው አይነሳም። በዚያ ላይ ሻንጣህ ተጭኖ አንተ ወደ አውሮፕላኑ የሚገባበት በር፣ ጌት የሚሉት ላይ ካልተገኘህ ሻንጣው ተፈልጎ መውረድ አለበት፣ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1988 ሁለት ትላልቅ አውሮፕላኖች አየር ላይ የፈነዱት ባለቤቱ አብሮ ባልተሳፈረበት ሻንጣ ውስጥ በተቀመጠ ቦምብ ነው። ይሄን ከሰማሁ በኋላ 45 ደቂቃዋ አላስቆጣችኝም።

ዋናው ስህተቴ ግን ከተሳሳተ ሰዓት ላይ ተነስቼ መቁጠሬ ነው። ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ ከቆመበት የሚንቀሳቀስበት ነው እንጂ እኛ የምንደርስበት አይደለም። ከዚያ በፊት ሁለት የሚዘጉ ነገሮች አሉ፣ መጀመሪያ ቼክ-ኢንና የሻንጣ መቀበያው፣ ቀጥሎ ጌቱ። ጌቱ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል። ሻንጣ መቀበያው ለሀገር ውስጥ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ሲቀረው ነው፣ ለውጭ በረራ በብዙዎቹ 60 ደቂቃ፣ አንዳንዶቹ ከዚያም በላይ ያደርጉታል። ትክክለኛውን የሚያውቀው ያው የራሱ አየር መንገድ ስለሆነ ድረገጹን ወይም የቲኬቱን ኢሜል ማየት ነው፣ እኔ የእማዬን አይቼ 60 መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ታዲያ ለወንድሜ "ያንተ ሰዓት ተኩል ለሀገር ውስጥ ልክ ነው" አልኩት፣ ልክም ነው። መነሻው 1 ሰዓት ከሆነ መሳፈር 12፡30 ይጀምራል፣ ለፍተሻውና ጌት ድረስ ለመሄድ ግማሽ ሰዓት፣ ሻንጣ ለማስረከብ ሃያ ደቂቃ፣ በሩ ላይ አስር ደቂቃ፣ 11፡30 ይመጣል። በዓል ወይም የጠዋቱ ሰዓት ሲጨናነቅ ደግሞ ሁለት ሰዓት ማድረግ ነው። ሞባይል ላይ ቼክ-ኢን አድርጎ የእጅ ቦርሳ ብቻ የያዘ ሰው ከዚህም ማሳነስ ይችላል፣ የሻንጣው ሰዓት እሱን አይመለከተውም፣ የሚያሳድደው ጌቱ ብቻ ነው።

ወንድሜ ግን እሱን ይዞ "እናንተም ኦንላይን ቼክ-ኢን አድርጉና በኋላ ሂዱ" አለ። እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ ያለው። የውጭ በረራ ላይ ካውንተሩ የሚሠራው ሻንጣ መቀበል ብቻ አይደለም፣ ፓስፖርትና ቪዛ ያያሉ። የሚሄዱበት ሀገር እማዬን አላስገባም ካለ መልሶ የማምጣቱ ግዴታ የወሰዳት አየር መንገድ ነው፣ ብዙ ሀገር ቅጣትም ይጥልበታል፣ ስለዚህ ከዚሁ ሳይነሱ ያጣራሉ። የየሀገሩን የመግቢያ ሕግ የሚያዩበት ቲማቲክ የሚባል ሲስተም አላቸው፣ ፓስፖርቱ ስንት ወር እንደቀረው፣ ቪዛ ይፈልግ እንደሆነ፣ የመመለሻ ቲኬት ይጠየቅ እንደሆነ እዚያ ላይ ይወጣል። ለዚህ ነው ኦንላይን ቼክ-ኢን ያደረገ ሰው እንኳን ብዙ ጊዜ ቦርዲንግ ፓሱ አይወጣለትም፣ ካውንተር ሂድ ይለዋል። ከዚያ ደግሞ የሀገር ውስጥ ላይ ጨርሶ የሌለው የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ።

ሦስት ሰዓት የሚሉትም ለዚህ ነው፣ ከሦስቱ ሰዓት የተወሰነው ለሰልፍ፣ የተወሰነው ደግሞ የሆነ ነገር ቢጎድል ለማስተካከል ነው። ቲኬቱ ላይ የአባት ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ ቢሆን፣ የኢቪዛው ወረቀት ሳይታተም ቢቀር፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲቀረው ካወቁት መሯሯጥ ይቻላል፣ አንድ ሰዓት ከአስር ሲቀረው ካወቁት ግን ሰውዬው ቢፈልግም አይደርስላችሁም። የእማዬን ስም ዛሬ ከፓስፖርቷ ጋር ፊደል በፊደል አስተያይቻለሁ፣ ልክ ነው።

አሁን የኛን ልቁጠረው። መነሻው ቲኬቱ ላይ 02:10 ይላል፣ በኛ ሌሊት 8፡10። መሳፈር የሚጀመረው አንድ ሰዓት ሲቀረው 7፡10 ነው፣ ትልቅ አውሮፕላን ስለሆነ ቀደም ብለው ነው የሚያስገቡት፣ እማዬ ደግሞ ቶሎ ቶሎ መራመድ ስለማትችል የመጨረሻ ሆና እንድትሮጥ አልፈልግም። ከፍተሻው ጌት ድረስ በእሷ እርምጃ 15 ደቂቃ፣ 6፡55። ፍተሻው 25 ደቂቃ፣ 6፡30። ኢሚግሬሽን ግማሽ ሰዓት፣ 6 ሰዓት። ካውንተሩ ከነሻንጣውና ከነዶክመንቱ 40 ደቂቃ፣ 5፡20። በሩ ላይ 10 ደቂቃ፣ 5፡10። በቃ ሦስት ሰዓት ሞላ፣ እኔ ሦስትን ልሙላ ብዬ አልነበረም የቆጠርኩት፣ እየቀነስኩ ስመጣ ራሱ እዚያ ላይ አረፈ። ሰልፎቹ ሁሉ ባዶ ሆነው ቢገኙ ጌት ጋ አንድ ሰዓት ቁጭ ማለት ነው፣ ምንም አይደል።

ደግሞ ቀኑ! ይሄን ልረሳው ነበር። ቲኬቱ 12 ቀን ነው የሚለው፣ እማዬም 12 ማታ የምንሄድ መስሏት ጎረቤቶቿን 12 ቀን ከሰዓት ለስንብት ጠርታለች። ቲኬት ላይ ቀን የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ ስለዚህ 12 ቀን 02:10 ማለት እኛ በአነጋገራችን የ11 ሌሊት የምንለው ነው፣ ኤርፖርት የምንደርሰው 11 ቀን ማታ 5፡10። 12 ማታ ብንሄድ አውሮፕላኑ ከተነሳ አንድ ቀን ሊሆነው ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ሁሉ ላይ ቲኬቱን ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው "የትኛው ቀን ማታ ነው ከቤት የምወጣው" ብሎ መጻፍ ነው፣ ሰዓቱ ከዚያ በኋላ ይቆጠራል። እማዬ ደንግጣ ወዲያው ስልኳን አነሳች።

አምስት ሰዓት የምትለውን ግን አልተቀበልኳትም። "ልጄ፣ ቀድሞ መድረስ ምን ይጎዳል?" አለችኝ። የኛ በረራ ካውንተር የሚከፈተው ሦስት ሰዓት ሲቀረው ነው፣ ከዚያ በፊት ሻንጣ የሚቀበለን የለም፣ ሻንጣ ይዘን ደግሞ ወደ ውስጥ ማለፍ አይቻልም፣ ስለዚህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከነሻንጣችን በሩ አካባቢ ባለው አዳራሽ ውስጥ ነው የምንቀመጠው፣ እዚያ ወንበሩም ጥቂት ነው፣ እሷ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ከፊቷ ረጅም በረራ አለ፣ ድካሙ እዚያ ሊጀምርባት አይገባም። ዊልቼር አስመዝግቤላታለሁ፣ ቀድሞ መጠየቅ ስላለበት ከአራት ቀን በፊት ነው ያስመዘገብኩት፣ ግን እሱም ቢሆን ገፊው የሚመጣው ካውንተር ላይ ቼክ-ኢን ካደረገች በኋላ ነው።

ወንድሜ መጨረሻ ላይ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። ከሌላ ከተማ በሀገር ውስጥ በረራ ተነስቶ፣ መሀል ላይ ቀይሮ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው በየትኛው ይቁጠር? ሁለቱም አንድ ቲኬት ላይ ከሆኑ ሻንጣው ከመጀመሪያው ኤርፖርት እስከ መጨረሻው ስለሚላክ ፓስፖርቱም ቪዛውም የሚታየው እዚያው መጀመሪያው ካውንተር ላይ ነው፣ እኔ ብሆን እንደ ውጭ በረራ እቆጥረዋለሁ። ሁለት ለየብቻ የተገዙ ቲኬቶች ከሆኑ ግን የመጀመሪያውን እንደ ሀገር ውስጥ ይቁጠር፣ ሲያርፍ ሻንጣውን ተቀብሎ ወጥቶ እንደገና ካውንተር መሰለፍ አለበት፣ የ60 ደቂቃዋ መዝጊያም አትጠብቀውም፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ቢያርፍ የሁለተኛው ኃላፊነት የራሱ ነው። ስለዚህ መሀል ላይ አራትና አምስት ሰዓት ካልሆነ እኔ አልገዛውም።

ወረቀቱ ላይ በትልቁ "11 ቀን፣ ማታ 5፡10፣ በሩ ላይ" ብዬ ጻፍኩላት፣ አጥፋ ፓስፖርቷ ውስጥ ከተተችው። "ከቤትስ ስንት ሰዓት እንውጣ?" አለችኝ። መንገዱ አርባ ደቂቃ ነው፣ አንድ ሰዓት ይዤ 4፡10 አልኳት። ወንድሜ መኪናውን 4 ሰዓት ላይ በር ላይ ያቆማል፣ እማዬ 3 ሰዓት ላይ ለብሳ እንደምትጠብቅ ነግራናለች።