ሲጋራ ሳንባን የሚያጠነክር ያስመሰለው መረጃ

የባዮስታቲስቲክስ ኮርስ በወሰድኩበት ወቅት የተሰጠን የቤት ሥራ፣ ለማስተማሪያነት በስፋት በሚያገለግለው የቦስተን ልጆች መረጃ ላይ የተመሠረተ ነበር። መረጃው በአሜሪካ ኢስት ቦስተን ከሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 19 ዓመት ከሆነ 654 ልጆች የተሰበሰበ ነው። የእያንዳንዱ ልጅ ዕድሜ፣ ቁመት፣ ጾታና ማጨስ አለማጨሱ ተመዝግቧል፤ ከእነዚህም ጋር ልጁ አየር በደንብ ስቦ በኃይል ሲያስወጣ በመጀመሪያዋ ሰከንድ ከሳንባው የወጣው አየር በሊትር ተለክቶ ሰፍሯል። የእኛ ሥራ ማጨስ ከዚህ ልኬት ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ማሳየት ነበር።

የሁለቱን ቡድኖች አማካይ ሳወጣ የ589ኙ የማያጨሱ ልጆች ልኬት 2.57 ሊትር፣ የ65ቱ አጫሾች ደግሞ 3.28 ሊትር ሆኖ አገኘሁት። መጀመሪያ የመሰለኝ 0 እና 1 ብዬ የሰጠኋቸው ኮዶች ተገላብጠው ነው፤ ደጋግሜ ባይ ግን ስህተት የለም። ልዩነቱ 0.71 ሊትር ነው፤ በአጋጣሚ መጣ ለማለትም እጅግ ትልቅ ነበር። ስለዚህ ተማሪ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ከሪፖርቱ ግርጌ «ይሁን እንጂ ተዛምዶ መንስኤነትን አያረጋግጥም» ብዬ ጽፌ አስረከብሁ። አስተማሪያችን ከዓረፍተ ነገሩ ሥር በቀይ አስምሮ «ታዲያ ልዩነቱን ምን አመጣው?» የሚል ጥያቄ ጽፎበት መለሰልኝ። አባባሉ ትክክል ቢሆንም እኔ የተጠቀምሁበት ከመመርመር ለማምለጥ ነበር።

ቢሮው ስሄድ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከአጫሾቹ ሁሉ ትንሹ ስንት ዓመቱ ነው?» መረጃውን በዕድሜ ቅደም ተከተል ሳስቀምጠው ነገሩ ወዲያው ታየኝ። ትንሹ አጫሽ 9 ዓመቱ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የሚያጨሰውም እርሱ ብቻ ነው። ከ9 ዓመት በታች የሆኑት 215 ልጆች በሙሉ የማያጨሱ ናቸው። እንግዲህ «የማያጨሱ» ያልሁት ቡድን ከሲሶ በላይ የሚሆነው በሕፃናት የተሞላ ነው፤ የአምስት ዓመት ሕፃን ደረቱም ሳንባው ገና ትንሽ ስለሆነ፣ አጨሰም አላጨሰም የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ የሚያስወጣውን ያህል አየር ሊያስወጣ አይችልም። የአጫሾቹ አማካይ ዕድሜ 13.5 ዓመት፣ የሌሎቹ 9.5 ዓመት ነው። ሲጋራ የነካውንና ያልነካውን ሳንባ ያወዳደርሁ መስሎኝ ትልልቅ ልጆችን ከትንንሾች ጋር ሳወዳድር ነበር የዋልሁት።

ኮንፋውንደር የሚባለው ተለዋዋጭ እንዲህ ያለው ነው። ዕድሜ በአንድ በኩል ልጁ ለማጨስ ያለውን ዕድል ይጨምራል፤ በሌላ በኩል ሳንባውን ያሳድጋል፤ እርሱ ራሱ ግን በማጨስ የሚመጣ ነገር አይደለም። ይህን ሦስተኛውን ነጥብ ያኔ እንደ ተራ ነገር አልፌው ነበር፤ በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ቀጥዬ በመረጃው fev የተባለውን ያንን የአየር ልኬት፣ አንዱ በማጨስ ብቻ፣ ሌላው በዕድሜና በማጨስ የሚገምቱ ሁለት ሞዴሎችን በR ጎን ለጎን ሠራሁ፤

```r
lm(fev ~ smoke, data = d)
lm(fev ~ age + smoke, data = d)
```

በመጀመሪያው የማጨስ ኮኤፊሸንት +0.71 ነው። ዕድሜ ሲገባ ወደ -0.21 ተገለበጠ፤ ይህም ዕድሜያቸው እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች ቢወዳደሩ የአጫሹ ልኬት በአማካይ በ0.21 ሊትር ገደማ ያንሳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ሲገባኝ «መቆጣጠር ጥሩ ከሆነ ሁሉንም ልቆጣጠር» ብዬ ቁመትንና ጾታን ጨመርሁ። ኮኤፊሸንቱ ወደ -0.09 ተጠጋ፤ ፒ-ቫልዩውም፣ ማለትም ማጨስ ምንም ዝምድና ባይኖረው ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ፣ 0.14 ሆነ፤ ልዩነቱ የአጋጣሚ አይደለም ለማለት አያስደፍርም። ማጨስ ጉዳት እንደሌለው ልጽፍ ስል ያ ሦስተኛ ነጥብ ትዝ አለኝ። በዕድሜ እኩል የሆኑ ልጆች በቁመት ይለያያሉ፤ ቁመትም ሳንባን ስለሚወስን መቆጣጠሩ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማጨስ የልጁን ዕድገት ራሱን የሚገታ ከሆነ፣ ቁመት ጉዳቱ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ እርሱን ስቆጣጠር የምፈልገውን ውጤት በገዛ እጄ እደብቃለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሶፍትዌሩ ሊነግረኝ አይችልም፤ እያንዳንዱ ልጅ የተለካው አንድ ጊዜ በመሆኑም መረጃው ቁመቱ ከማጨሱ በፊት ምን ያህል እንደነበር አያሳይም።

ባስተካከልሁት ሪፖርት ሁለቱንም ቁጥሮች ከነምክንያታቸው አስቀመጥሁ። ማጨስ የተመዘገበው «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ ብቻ ስለሆነ፣ ትናንት የጀመረና ሦስት ዓመት ያጨሰ ልጅ በአንድ ረድፍ መቆጠራቸውንም ጻፍሁ። አስተማሪያችን በዚህኛው ላይ ያሰመረው በዚያ ዓረፍተ ነገር ሥር ነበር፤ በቀይ ሳይሆን በእርሳስ።