ሳውዲ ከመሄዴ በፊት ኤጀንሲውንም ኮንትራቱንም እንዴት እንዳጣራሁ

የሰፈር ልጆች ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የትኛው ኤጀንሲ ነው ጥሩ?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ ጥሩ ኤጀንሲ የሚባል ነገር አላውቅም፣ የማውቀው ወረቀቱ እርስ በርሱ የሚገጥም እና የማይገጥም ኤጀንሲ መኖሩን ነው። አሁን ሪያድ ነኝ፣ ከደሴ በኮንትራት ነው የመጣሁት። ከመምጣቴ በፊት ምን ምን እንዳየሁ ልፃፍላችሁ፣ የማወራው ግን ስለ ሳውዲ ብቻ ነው፣ ዱባይና ቤይሩት የራሳቸው ህግ ስላላቸው የኔን እንዳለ ወስዳችሁ እዛ እንዳትጠቀሙበት።

ያው እንደ ሁሉም ሰው እኔም ጋ መጀመሪያ የመጣው ደላላ ነው። የጎረቤታችን ዘመድ ነኝ የሚል ሰውዬ፣ ጨዋ ነገር፣ እማዬን ሳይቀር እጅ ነስቶ ቡና ጠጥቶ «እህቴ አዲስ አበባ ቢሮ አለን፣ ፓስፖርትሽን ስጪኝና ለፕሮሰስ 45 ሺ ብር አዘጋጂ» አለኝ። እሺ ግን ብሩ ለምን ለምን እንደሆነ ፃፍልኝ አልኩት። ትንሽ ከፋው ግን ከደብተር ወረቀት ቀዶ ፃፈው፦ ቪዛ፣ ትኬት፣ ኢንሹራንስ፣ ውል ማፅደቂያ፣ ሜዲካል፣ የቢሮ ወጪ። ይቺ ወረቀት በጣም ጠቀመችኝ፣ ምክንያቱም በቃል ሲነገር «ፕሮሰስ» ብሎ የሚያልፈው ነገር ሲፃፍ ተራ በተራ መጠየቅ ይቻላል።

የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ የሚባል አለ፣ ቁጥሩ 923/2008 ነው፣ በኋላ በ1246/2013 ተሻሽሏል። አንቀጽ 10 ላይ ማን ምን እንደሚከፍል ለይቶ ያስቀምጣል። አሰሪው የሚከፍለው የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የስራ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ (ኢቃማ የምንለው)፣ ኢንሹራንስ እና የውል ማፅደቂያ ነው። ሰራተኛዋ የምትከፍለው ደግሞ ፓስፖርት፣ የልደት ካርድ፣ የህክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እና እንደ ከወንጀል ነፃ ማረጋገጫ ያሉ የራሷ ሰነዶች ናቸው። አሁን የሰውዬውን ወረቀት ከዚህ ጎን አስቀምጡት፣ ከስድስቱ ውስጥ የኔ የሆነው ሜዲካል ብቻ ነው፣ እሱንም ለደላላ ሳይሆን ሄጄ ለምርመራው ቦታ ራሴ ነኝ የምከፍለው። «የቢሮ» የሚለው ጭራሽ የለም፣ ኤጀንሲ ለአገልግሎቱ ከሰራተኛ መቀበል አይችልም። ይሄን ስነግረው «ህግ ሌላ ስራ ሌላ» አለኝና ትንሽ ቆይቶ ሃሳቡን ቀየረ፣ «እንግዲያው አሁን ምንም አትክፈዪ፣ የሁለት ወር ደመወዝሽ ይቆረጣል» አለ። ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ነው እፎይ የሚሉት፣ ግን ያው ብር ነው በሌላ በር የሚገባው፣ እንደውም ይሄኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ቤቱ ባይመችሽ እንኳን «እዳ አለብሽ» ተብለሽ ከቤቱ እንዳትወጪ ያደርጋል።

ኤጀንሲውስ ታዲያ ምን ይበላል ትሉ ይሆናል። ሳውዲው አሰሪ ሰራተኛ ለማስመጣት ሙሳነድ በሚባለው የመንግስታቸው ሲስተም በኩል ለመክተቡ (እዛ ላለው ቢሮ) በብዙ ሺ ሪያል ይከፍላል፣ የኛ ኤጀንሲ ድርሻውን የሚያገኘው ከዛ ነው። ስለዚህ ከኔ የሚጠይቅ ሰው ሁለቴ ነው የሚበላው ማለት ነው፣ ወይ ደግሞ የኤጀንሲው ሰራተኛ ያልሆነ ሰው ነው።

የኔ ሰውዬ ሁለተኛው ሆኖ ተገኘ። የነገረኝን የኤጀንሲ ስም ይዤ ወረዳ ሥራና ክህሎት ጽ/ቤት ሄድኩ፣ ለነገሩ እዛ መሄዴ አይቀርም ነበር፣ ሌበር አይዲ የሚባለው የሰራተኛ መለያ ቁጥር የሚሰጠው lmis.gov.et ላይ ተመዝግባችሁ አሻራ ስትሰጡ ነው። የምትመዘግበውን ልጅ በዚህ ስም ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት፣ አለ አለችኝ፣ ደስ አለኝ። ግን ሰውዬው የሰጠኝን ቢዝነስ ካርድ አውጥቼ ሳሳያት አንድ ቃል ይለያል። ፈቃድ ያለውን ስም ትንሽ አጣመው የሚነግዱ አሉ፣ ስለዚህ «ስሙን ሰምቼዋለሁ» ብሎ ነገር አይሰራም፣ ፊደል በፊደል ነው የሚታየው።

ከዛ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ አዲስ አበባ ያለው ዋና ቢሮ ድረስ ከወንድሜ ጋር ሄድን። ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ሶስት ነገር አየሁ፦ ስሙን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ የስራ አስኪያጁን ስም። ፈቃዱ ስለሚታደስ ያለፈበትን ሰቅለው የሚሰሩ እንዳሉ ሰምቼ ስለነበር ቀኑን ደጋግሜ ነው ያየሁት። ሰውዬው የናንተ ሰራተኛ ነው ወይ ስላቸው ሪሰፕሽኗ «እሱ ሰው ያመጣልናል እንጂ የኛ አይደለም» አለች። በቃ ከዛ በኋላ ስልኩን አላነሳሁም፣ በራሴ ተመዘገብኩ፣ 45 ሺውን የሚያነሳ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ኮንትራቱ። ሰው ሁሉ ቪዛ መጣ ሲባል ነው የሚደሰተው፣ እኔ ግን ኮንትራቱን ሳላይ ሌላ ነገር አልጀምርም ብዬ ነበር የቆየሁት፣ ቢሮው ውስጥ ትንሽ አስቸጋሪ ተባልኩ መሰለኝ። ኮንትራቱ ሲመጣ በእንግሊዝኛና በአረብኛ ጎን ለጎን ነው፣ እንግሊዝኛው ላይ 1000 ሪያል ይላል፣ ለኢትዮጵያ የቤት ሰራተኛ በስምምነቱ የተቀመጠው መነሻም እሱ ነው። አረብኛ አላነብም፣ ግን ቁጥሮቻቸውን ተምሬ ነው የሄድኩት፣ አስሩን ምልክት ለማጥናት አንድ ከሰአት ይበቃል። የሚያደናግረው ዜሮና አምስት ነው፣ እነሱ ጋ ዜሮ ትንሽ ነጥብ ናት፣ እኛ ዜሮ የምንላት ክብ ደግሞ አምስት ናት። አንድ ቀጥ ያለ ሰረዝ ናት። ስለዚህ ሺ ማለት አንድ ሰረዝና ሶስት ነጥብ መሆን አለበት። እኔ ያየሁት ግን ሁለት ነጥብ ነው፣ ከፊቱ ያለውም ሰረዝ አይደለም፣ የጣራ ቅርፅ ያላት ወደ ላይ የሾለች ምልክት ናት፣ ስምንት ማለት ነው። 800! ይሄ ምንድነው ስላቸው ልጁ አየት አደረገና «የታይፒንግ ስህተት ነው፣ ማዳም ትጨምርልሻለች» አለኝ። ሊሆን ይችላል፣ ግን እዛ ክርክር ቢነሳ የሚነበበው አረብኛው ነው፣ ስለዚህ ተስተካክሎ ካልመጣ አልፈርምም አልኩ። ተስተካክሎ መጣ፣ አሁንም ነጥቦቹን ቆጠርኩ።

ከዛ ቪዛው ሲደርስ ከኮንትራቱ ጋር አስተያየሁት፣ የአሰሪው ስም፣ የመታወቂያ ቁጥሩ፣ የስራው አይነት። የስራው አይነት የሚለውን እንዳትንቁት፣ የቤት ሰራተኛ ተብሎ የተዋዋለች ልጅ ቪዛዋ ላይ ሌላ ሙያ ከተፃፈ ኮንትራቷ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። በተለይ አዛውንት ለመንከባከብ የምትሄዱ፣ ሙሳነድ ላይ የቤት ሰራተኛና የግል ተንከባካቢ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፣ በቃል «አንዲት አሮጊት ብቻ ነው የምትይዢው» ተብላችሁ ኮንትራቱ የቤት ሰራተኛ ከሆነ አሮጊቷም ቤቱም ልብሱም የናንተ ነው። እኔ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ አስጠይቄ ነው የፈረምኩት።

ቪዚት ቪዛ ወይ «አዛድ ቪዛ» የሚሏችሁን ከዚህ ሁሉ ጋር ብታስተያዩት የሚገጥም ነገር የላቸውም፣ የኛ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያፀደቀው ውል የለም፣ አሰሪ የለም፣ ኢንሹራንስ የለም፣ ስለዚህ እሱ ላይ ብዙ አልልም።

መብቱን በተመለከተ፣ የሳውዲ የሰራተኛ ህግ የቤት ሰራተኛን አያካትትም፣ የራሱ የተለየ ደንብ ነው ያለው፣ አዲሱ ከፈረንጆቹ 2024 ጥቅምት ጀምሮ ይሰራል። በቀን ከ10 ሰአት በላይ አያሰሩም፣ ቢያንስ 8 ሰአት የማይቋረጥ እረፍት አለ፣ በሳምንት ሙሉ 24 ሰአት እረፍት አለ፣ ፓስፖርት መያዝም ክልክል ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ቤት ውስጥ ሰአት የሚቆጥርላችሁ የለም፣ ረመዳን ሲመጣማ አስር ሰአት የሚባለውን እርሱት። የሚያዝ ማስረጃ ያለው ደመወዙ ነው። ለአዲስ ኮንትራት ደመወዝ በሙሳነድ በኩል ወደ ባንክ ወይም ዋሌት እንዲገባ ከ2024 ሐምሌ ጀምሮ ተደርጓል፣ ስለዚህ ከመፈረሜ በፊት በስሜ አካውንት ይከፈታል ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። «እጅ በእጅ ነው የምትሰጥሽ» የሚል መልስ ከመጣ እሱ ራሱ ምልክት ነው፣ እጅ በእጅ የተሰጠ ደመወዝ ሳይሰጥም ሰጥቻለሁ ይባላል።

ስሄድ ሁሉንም፣ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ኮንትራት፣ የኤጀንሲውን ፈቃድ በስልክ አንስቼ ለወንድሜ ልኬለታለሁ፣ ኮፒውንም እሱ ጋ ትቻለሁ። አዋጁ ኤጀንሲውን ከአሰሪው ጋር በጋራ ተጠያቂ ስለሚያደርግ እኔ ከቤት መውጣት ባልችል እንኳን እሱ አዲስ አበባ ላይ ኤጀንሲውን ሚኒስቴሩ ጋ መክሰስ ይችላል። ኤጀንሲው ያስያዘው የዋስትና ገንዘብም ለዚሁ ነው።

አንድ የቀረ ነገር፣ የመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት። የሙከራ ጊዜ ናቸው፣ መክተቡም ለአሰሪው ዋስትና የሚሰጠው ለነሱ ነው፣ በዚህ ውስጥ ሰራተኛዋ ከወጣች አሰሪው ምትክ ወይ ብሩን ይጠይቃል። ለዛ ነው በነዚህ ወራት ስትደውሉ «ታገሺ፣ ሁሉም ቤት እንዲህ ነው» የሚሏችሁ፣ ለናንተ አዝነው አይደለም። ዋስትናው ካለቀ በኋላ ደግሞ ስልክ የሚያነሱት እየቀነሰ ይመጣል። ስለዚህ ደመወዝ ከቀረ ወይ ፓስፖርት ከተያዘ ሶስተኛው ወር እስኪያልፍ አትጠብቁ፣ ለኤጀንሲው በፅሁፍ ላኩ፣ በቴሌግራምም ይሁን ቀኑ ይታያል፣ ሳውዲ ውስጥ ደግሞ የሰው ሀብት ሚኒስቴራቸው ስልክ 19911 ነው፣ የኢቃማ ቁጥራችሁን በቃል ያዙት።