ከ10 እስከ 60፦ በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ኪሎ ሜትር ስንቆጥር

እናቴ የምትኖረው አዳማ በመሆኑ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ጠዋት ከአዲስ አበባ እወርዳለሁ። ቤንዚን በቀዳሁ ቁጥር ሊትሩንና ኪሎ ሜትሩን በማስታወሻ ደብተር የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ በዚህ ልማዴም የመኪናዬ ቆጣሪና የስልኬ ጂፒኤስ ለአንድ መንገድ የተለያየ ርዝመት እንደሚሰጡ አስተዋልኩ። ስልኩ ሁልጊዜ ይበልጣል። ከሁለቱ የትኛው እንደተሳሳተ እርስ በርሳቸው በማስተያየት ማወቅ አይቻልም፤ ርዝመቱ አስቀድሞ የታወቀ ሦስተኛ ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለፈው ጉዞዬ በፈጣን መንገዱ ዳር በተተከሉት የኪሎ ሜትር ምልክቶች ሁለቱንም ለመፈተን ወሰንኩ፤ ቁጥር የሚያነብልኝ ሰው ስላስፈለገኝም የእህቴን ልጅ ይዤ ወጣሁ።

ከመነሳታችን በፊት ሰፈራችን ካለው ጎሚስታ ዘንድ ቆመን የአራቱንም ጎማ ንፋስ 32 አስደረግን። ጎሚስታው የምንሄድበትን ጉዳይ ሲሰማ፣ «እሱማ በንፋሱ ነው፤ ሲቀንስ ያሳስታል» አለኝ። ንፋስ ጥቂት ለውጥ ማምጣቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የዛሬ ጎማ በውስጡ የብረት ሽቦ ቀበቶ ስላለው ንፋሱ ትንሽ ቢጎድልም ዙሪያው እምብዛም አያጥርም። እኔ የጠረጠርኩት የጎማውን ቁጥር ነበር። ቪትዜ ከፋብሪካ የወጣችው በ165/70R14 ሲሆን፣ በየሰፈሩ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ሆዷን እንዳይፍቃት ብዬ አምና 175/70R14 አስገጥሜላታለሁ። የመጀመሪያው ጎማ ቁመት ከላይ እስከ ታች 587 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የሁለተኛው 601 ይደርሳል። ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር እንጂ መንገዱን አይደለም። ጎማው በአንድ ዙር ከበፊቱ 2.4 በመቶ የረዘመ መንገድ ቢሸፍንም ቆጣሪው አሁንም በድሮው ልክ ያስባል፤ በመሆኑም ከተሄደው ያነሰ ይመዘግባል ማለት ነው። ግምቴ ይህ ነበር።

ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ በር ከገባን በኋላ ወዲያው መቁጠር አልጀመርንም። ጎማው እስኪሞቅ፣ ፍጥነታችንም 90 ላይ እስኪረጋ ጥቂት ሄድን። የቪትዝ ዳሽቦርድ መሃል ላይ ስለሆነ ልጁ ያለ ችግር ያነባል፤ የ10 ቁጥር ምልክት ከመስኮቱ ጋር ሲስተካከል «አሁን!» ብሎ የጉዞ ቆጣሪውን፣ ማለትም ትሪፑን፣ ወደ ዜሮ መለሰው፣ በሌላ እጁም ስልኩን አስጀመረ።

«ጋሼ፣ 5 ኪሎ ሜትር አይበቃንም? ለምን 50 እንሄዳለን?» ሲል ጠየቀኝ። ትሪፑ የሚያሳየው እስከ 100 ሜትር ድረስ ብቻ ነው። በ5 ኪሎ ሜትር ላይ 100 ሜትር ሁለት በመቶ ሲሆን፣ እኛ የምንፈልገው ስህተትም ያንኑ ያህል ስለሆነ ሁለቱን መለየት አይቻልም። በ50 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ያው 100 ሜትር ከመቶ ሁለት አስረኛ ብቻ ይሆናል።

በየ10 ኪሎ ሜትሩ ያነበበውን ጻፈ፦ 9.8፣ ከዚያ 19.6፣ ቀጥሎ 29.7። ሦስተኛው ቁጥር አላማረኝም፤ በነበረው አካሄድ 29.5 ገደማ መሆን ነበረበትና። ለካ አንድ የጭነት መኪና ምልክቱን ጋርዶበት ካለፍነው በኋላ ነው ያነበበው። በ50 ቁጥር ምልክት ላይ 39.3 ሲመጣ መስመሩ ተስተካከለ፤ በ60 ደግሞ 49.1 ሆነ። የንባብ ስህተት አንዱን ቁጥር አበላሽቶ ያልፋል፣ ወደ ቀጣዩ አይተላለፍም። የጎማው ስህተት ግን ከኪሎ ሜትር ወደ ኪሎ ሜትር እየተደመረ ይሄዳል። መሃል ላይ ያሉትን ንባቦች ማስጻፌ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው፤ መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ይዘን ቢሆን ኖሮ መኪናው የጋረደብን የመጨረሻውን ምልክት ቢሆን ምንም ሳናውቅ በተሳሳተ ቁጥር እንመለስ ነበር።

ልጁ ግን ሌላ ነገር አይቶ ግራ ተጋብቶ ነበር። የፍጥነት መርፌው 90 ሲል ስልኩ 88 ይላል። «እንግዲህ መኪናዋ የምታበዛ ከሆነ ኪሎ ሜትሩንም ማብዛት ነበረባት፤ እንዴት አሳነሰች?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመኪና አምራቾች የሚከተሉት ደንብ መርፌው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዲያሳይ ፈጽሞ ስለማይፈቅድ፣ ሆነ ብለው ጥቂት ከፍ አድርገው ይሠሩታል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ያ ጭማሪ የለበትም። ስለዚህ በመርፌው ስህተት ቆጣሪውን ለማረም የሚሞክር ሰው ወደተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል።

ወደ አዳማ የሚወርደው ቁልቁለት ርዝመቱን ያዛባል የሚልም አይጠፋም። ቁልቁለቱ 700 ሜትር ነው ብንል እንኳ፣ በ85 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ሲበተን በአግድም ርዝመቱና በትክክለኛው መካከል ያለው ልዩነት 3 ሜትር አይሞላም።

ስልኩ ከምልክት እስከ ምልክት 49.9 መዝግቦ ስለነበር አሸናፊው እሱ ነው ብዬ ነበር። ይሁንና አዳማ ገብተን ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ምግብ ቤት 40 ደቂቃ ያህል ስንቀመጥ ሳላጠፋው ረሳሁት። ሽሮአችንን በልተን ስንነሳ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ስልክ 300 ሜትር «ተጉዟል»። ሳተላይት በደንብ ሳያይ የሚገምታቸው ነጥቦች ወዲያና ወዲህ ስለሚዘሉ፣ መዝለላቸውን እንደ መንገድ ይደምረዋል። በጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል። ባትሪ ለመቆጠብ በየ5 ሴኮንዱ ብቻ ነጥብ እንዲይዝ ተደርጎ ከሆነ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 30 ሜትር ሬዲየስ ባለው ኩርባ ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል 42 ሜትር ያህል ይነዳል፤ ስልኩ ግን ኩርባውን በቀጥታ መስመር ቆርጦ 38 ብቻ ይቆጥራል። ከዚህ የተነሳ ለስልክ አንድ ማባዣ አውጥቶ በየትም ቦታ መጠቀም አይቻልም፤ ቀጥ ባለ ፈጣን መንገድ ያገኘሁት ውጤት ለመርካቶ ግርግር አያገለግልም።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ከ60 ወደ 10 እንደገና ለካን። ትሪፑ 49.2፣ ስልኩ 50.0 አለ። የትሪፑን ሁለት ንባቦች አማካይ 49.15 ወስጄ 50ን ስካፍለው 1.017 መጣ። በጎማው ቁጥር ከገመትኩት 2.4 በመቶ ማነሱ መጀመሪያ ላይ አሳሰበኝ፤ ኋላ ግን የጎማዎቼ ጥርስ አዲስ እያለ 8 ሚሊ ሜትር እንደነበረና አሁን 6 ያህል እንደቀረው አስታወስኩ። ጥርስ በ2 ሚሊ ሜትር ሲበላ የጎማው ቁመት ከላይም ከታችም በድምሩ 4 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ ይህም ከ601 ላይ ወደ 0.7 በመቶ ነው። ከ2.4 ላይ 0.7 ሲነሳ የቀረው 1.7 ከመንገዱ ያገኘነው ቁጥር ራሱ ሆነ።

ማታ ቤት ገብቼ ደብተሬን ዘረጋሁ። በመጨረሻው ቅጂ 30 ሊትር በቆጣሪው 420 ኪሎ ሜትር አስኬዶኛል፤ በ1.017 ሲባዛ 427 ነው፣ በሊትርም 14.0 የነበረው 14.2 ይሆናል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት እቀይራለሁ ስል የኖርኩትም በእውነቱ በየ5,085 ኖሯል። ቆጣሪውን ራሱን አልነካሁም፤ እንዲነካም አልፈልግም፤ መኪናዋን ለሚገዛኝ ሰው ያ ቁጥር እንዳለ መቆየት አለበት። የሠራሁት በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ «× 1.017፣ በ175/70R14፣ ጥርስ 6 ሚሊ ሜትር» የሚል ወረቀት ማስቀመጥ ብቻ ነው። ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ ከታች በእርሳስ «ጎማ ሲቀየር ይሰረዝ» ብሎ ጨመረበት።